ኮዱ የሚከተለው ሲሙን ነው
ዱባይ የገባ ሰው ብዙውን ጊዜ ቶሎ የሚያደርገው ነገር የአገሩን ሲም ካርድ አውጥቶ የዚያን አገር ሲም ስልኩ ውስጥ መክተት ነው። ቴሌግራሙ እንደ ወትሮው ይሠራል፤ ሲም በመውጣቱ ብቻ አካውንት አይዘጋም። ችግሩ የሚገለጠው ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ሲቀየር ነው። አዲሱ ስልክ ላይ የኢትዮጵያ ቁጥሩን ሲያስገባ ኮድ ተልኮለታል፤ ሲሙ ግን አዲስ አበባ ቀርቷል።

መልእክቱ መጀመሪያ የሚደርሰው አገር ቤት ላለው ቴሌ ነው። ቴሌው ሲሙ በመጨረሻ የትኛው ኔትወርክ ላይ እንደተመዘገበ አይቶ ወደዚያው ያስተላልፋል። ሲሙ ውጭ አገር እንዲመዘገብ ሮሚንግ መከፈት አለበት። ካልተከፈተ መልእክቱ ተይዞ ይቆያል፣ ኮዱ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ጊዜው ያልፍበታል። ዘግይቶ ቢደርስም አይጠቅምም።

ሲሙ አብሯችሁ ካለና ሲግናል እያሳየ ኮድ ካልመጣ፣ ደጋግሞ ከመጠየቅ በፊት አገር ቤት ያለ ሰው ወደዚያ ቁጥር ተራ የጽሑፍ መልእክት ይላክ። ከደረሰ ሲሙም ሮሚንጉም ደህና ናቸው፤ እክሉን ኮድ ላኪው ጋ ፈልጉት። ካልደረሰ ጉዳዩ የቴሌው ነው። ኮድ በተደጋጋሚ ሲጠየቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሠራው የመጨረሻው ብቻ ነው፣ የሚያስጠብቀውም ጊዜ እየረዘመ ይሄዳል።

ቴሌግራም ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። አካውንቱ ሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ክፍት ከሆነ፣ ኮዱ መጀመሪያ የሚላከው በጽሑፍ መልእክት ሳይሆን እዚያው ቴሌግራም ውስጥ ነው። ሰው ኤስኤምኤስ ሲጠብቅ ኮዱ ላፕቶፑ ላይ ተቀምጦ ይገኛል።

ሲሙን ለእናት ወይም ለእህት ትቶ ኮዱን በስልክ ማስነበብም ይሠራል። ለሲሙ ጠባቂ ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ይነገር፦ ድምፅህን በስልክ ሳትሰማ፣ በጽሑፍ ብቻ «ኮዱን ላኪልኝ» ለሚል ሰው አይሰጥም። የሚጠይቀው ሌባ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የከፋው የቁጥሩ መሞት ነው። ረጅም ጊዜ ያልተጠቀሙበትን ቁጥር ቴሌዎች መልሰው ለሌላ ደንበኛ ይሸጡታል፤ ከዚያ በኋላ ኮዱ የሚደርሰው ለማያውቁት ሰው ነው። ስለዚህ አካውንቱ ገና በእጅ እያለ፣ ቴሌግራም Settings ውስጥ የስልክ ቁጥሩን ነክቶ በ Change Number ወደ አዲሱ ቁጥር ማዛወር ይቀላል። ያኔ ኮዱ የሚመጣው ወደ አዲሱ ሲም ነው። አሮጌውን ቁጥር ይዞ መቆየት የፈለገ ደግሞ Two-Step Verification ላይ የይለፍ ቃል ያውጣ፣ ማስታወሻ ኢሜይሉንም ይሙላ። ቁጥሩን የወሰደ ሌላ ሰው ኮዱን ቢያገኝ እንኳ ያለ ይለፍ ቃሉ መልእክቶቹን አያነብም።

አገር ቤት የጠፋን ሲም በዚያው ቁጥር ያስተካ ሰው ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ አሮጌው ሲም ይዘጋል፣ ኮዱም በአዲሱ ይመጣል። የባንክ ቁጥር ማስቀየር ግን ብዙ ጊዜ ቅርንጫፍ ድረስ በአካል መቅረብ ስለሚጠይቅ፣ ከበረራው በፊት መጠናቀቅ ያለበት ሥራ ነው።