ለመቶ ሃያ ሰው ስንት ኪሎ ሩዝ?

ድግስ ሲደገስ የሥጋው፣ የበርበሬውና የእንጀራው ሒሳብ ብዙ አያስቸግርም፤ ልምድ ያላቸው እናቶች በየሰፈሩ አሉ። ሩዙ ላይ ሲደረስ ግን አንዱ አምስት ኪሎ፣ ሌላው አሥራ አምስት ኪሎ ይላል። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱን የሚያመጣው ከሩዙ ጋር የሚቀርበው ምግብ ነው።

ሩዙ ራሱ ዋናው ምግብ ከሆነ፣ ማለትም እንደ ድሬዳዋና እንደ ጅግጅጋ ሥጋው በላዩ ላይ ተደርጎ በትሪ የሚቀርብ ከሆነ፣ ለአንድ አዋቂ 100 ግራም ጥሬ ሩዝ መያዝ ነው። እንጀራ፣ ዶሮ ወጥ፣ ጥብስና ፓስታ በተደረደሩበት ቡፌ ላይ ግን ሩዝ አጃቢ ስለሆነ 50 ግራም ይበቃል። ጥሬ ሩዝ ውኃ ጠጥቶ ሲበስል ክብደቱ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ 50 ግራሙ 150 ግራም ገደማ የበሰለ ሩዝ ይወጣዋል፤ አንድ ሞላ ያለ ጭልፋ ማለት ነው። ከወጡና ከጥብሱ ጎን ከዚህ በላይ የሚያነሳ ሰው ጥቂት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ለክርስትና 120 አዋቂና 30 ሕፃናት ይመጣሉ እንበል፤ ምግቡም ቡፌ ነው። ለአዋቂዎቹ 120 በ50 ሲባዛ 6 ኪሎ ይሆናል። ብዙ ደጋሾች ሕፃናቱን በግማሽ ይቆጥሯቸዋል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ዶሮ ወጡ የሚያቃጥለው ልጅ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሩዙና ወደ ፓስታው ነው። እነሱንም እንደ አዋቂ ብንቆጥር 1 ኪሎ ተኩል ይጨመርና በጠቅላላው 7 ኪሎ ተኩል ይሆናል።

ይህን ሁሉ ግን በአንዴ መቀቀል አያስፈልግም። 6 ኪሎውን አብስሎ፣ የቀረችውን 1 ኪሎ ተኩል አጥቦ ማስቀመጥና የፈላ ውኃ በአጠገቡ ማዘጋጀት ይሻላል። የመጀመሪያው ሰርቪስ ሲጋመስ ድስት ይጣዳል፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ በቂ ነው። ሳይፈለግ ከቀረ ደግሞ ደርቆ ከመበላሸቱ በፊት በማግስቱ ለቤት ይቀቀላል። ሩዙን የሚጨልፍ ሰው ከቡፌው ኋላ ማቆምም ይረዳል፤ እንግዳው ራሱ ሲጨልፍ ሒሳቡ ይዛባል።

መጠኑ ልክ ሆኖ ሳለ ድግስ ላይ ሩዝ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በውኃው ነው። ቤት ውስጥ ለአንድ ብርጭቆ ሩዝ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ስንጨምር ከውኃው ከፊሉ በእንፋሎት ይጠፋል። በትልቅ ድስት የሚተነው ውኃ ከሩዙ ብዛት ጋር እኩል አያድግም። ስለዚህ በቤቱ ልክ ውኃ የጨመረ ሰው ገንፎ ያወጣል። ለአንድ እጅ ሩዝ አንድ ተኩል እጅ ውኃ ጀምሮ፣ ካነሰ ከፈላው መጨመር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ስለሆነች ውኃው በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ሩዙም ቆላ ከሚበስልበት ትንሽ ዘግይቶ ይበስላል።

ድስቱም ወሰን አለው። 6 ኪሎ በአንድ ድስት ሲጣድ ከታች ያለው ያርራል፣ መሐሉ ይላቁጣል፣ ከላይ ያለው ጥሬ ይቀራል፤ ያንን ለማስተካከል ሲያማስሉት ደግሞ እህሉ ይሰባበርና ይጣበቃል። ሦስት ሦስት ኪሎ አድርጎ በሁለት ድስት መክፈል ነው። በውኃው ልክ የማይተማመን ሰው ሩዙን እንደ ፓስታ በተትረፈረፈ ጨው ባለው ውኃ ቀቅሎ ያጥልለው። አንድ ፍሬ በጣት ሲጨመቅ መሐሉ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ ብቻ ሲቀር ማጥለል፣ ዘይት አፍስሶ መክደን፣ በጣም ዝቅ ባለ እሳት ላይ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት። ነጥቧን የሚያጠፋት እንፋሎቱ ነው።

ሌላው ጥንቃቄ የሚጠይቀው የተረፈው ሩዝ ነው። በጥሬ ሩዝ ላይ የሚገኝ ባሲለስ ሴሪየስ የተባለ ባክቴሪያ በቅቅል የማይሞት ዘር አለው፤ የበሰለው ሩዝ ለብ ብሎ ሲቆይ ይራባል፣ የሚያስታውክ መርዝም ያመነጫል። መርዙን ዳግም ማሞቅ አያጠፋውም። ስለዚህ ቡፌ ላይ ያለው ሩዝ በደንብ ትኩስ ሆኖ ይቆይ። ድግሱ ሲያልቅ የቀረው በትልቁ ድስት እንዳለ ተከድኖ አይደር፤ መሐሉ ለሰዓታት ሙቀቱን ይዞ ይቆያልና። በሰፋፊ ትሪ ስስ አድርጎ አስፍቶ ማቀዝቀዝና ፍሪጅ ማስገባት ነው። ከሁለት ሰዓት በላይ ለብ ብሎ የቆየውን ግን መድፋት ይሻላል፣ ለጎረቤትም አለመስጠት።