አንድ እሳት፣ ሁለት ፍርድ

ኦክቶበር 30 ቀን 1951 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ማለዳ ላይ፣ በአውስትራሊያ ሲድኒ ወደብ ነዳጅ እየሞላች የነበረችው «ዋገን ማውንድ» የተባለች መርከብ ብዙ ከባድ ጥቁር ናፍጣ ወደ ባሕሩ አፈሰሰች። ጥፋቱ የሠራተኞቿ ቸልተኝነት ነበር። መርከቧ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ መልሕቋን አንሥታ ሄደች። ናፍጣው ግን እዚያው ቀረ። በውኃው ላይ እየተንሳፈፈ 180 ሜትር ያህል ተጉዞ ሞርትስ ዶክ የተባለው ኩባንያ መርከብ ወደሚጠግንበት ስፍራ ደረሰ፤ ከእንጨት በተሠራው መድረክ ሥርም ተከማቸ። መድረኩ ላይ ሠራተኞች «ኮሪማል» የተባለችን መርከብ በብየዳ እየጠገኑ ነበር።

የጥገናው ኃላፊ ናፍጣውን ሲያይ ብየዳው እንዲቆም አዘዘ። ዘይቱ ወደ ፈሰሰበት ወደብ ኃላፊ ደውሎ አደጋ ይኖረው እንደሆነ ጠየቀ። ከእርሱ ባገኘው መልስና በራሱ ግምት፣ ይህ ዓይነት ናፍጣ ክፍት ውኃ ላይ ሆኖ አይነድም ብሎ ደመደመ። ስለዚህ «ተጠንቅቃችሁ ሥሩ» ብሎ ሥራው እንዲቀጥል ፈቀደ። ኖቬምበር 1 ቀን ከሰዓት በኋላ ከብየዳው የወደቀ የቀለጠ ብረት ከናፍጣው ጋር በሚንሳፈፍ ቆሻሻ ላይ የነበረ የመጥረጊያ ጥጥ ላይ አረፈ። ጥጡ ጤሰ፣ ቀስ ብሎ ተያያዘ፣ እንደ ኩራዝ ክር ሆኖም ናፍጣውን አቀጣጠለው። መድረኩ ነደደ። «ኮሪማል» እና አጠገቧ የነበረችው «ኦድሪ ዲ» የተባለች መርከብም ተቃጠሉ።

ከዚህ አንድ እሳት ሁለት ክስ ተነሣ፤ ተከሳሹም «ዋገን ማውንድን» ተከራይቶ ያንቀሳቅስ የነበረው ያው አንድ ኩባንያ ነበር። ሁለቱም ክሶች በይግባኝ ለንደን ወደሚያስችለው ፕሪቪ ካውንስል ሄዱ። በ1961 ሞርትስ ዶክ ተሸነፈ፤ አንድ ሳንቲም አላገኘም። በ1966 ደግሞ የተቃጠሉት መርከቦች ባለቤቶች በዚያው ችሎት ረቱ። እሳቱ ያው፣ ናፍጣው ያው፣ ቸልተኛውም ያው ሆኖ ፍርዱ ለምን ተለየ? መልሱን የሚያውቅ ሰው የእንግሊዝን የቸልተኝነት ሕግ ዋና ነገር አውቋል ማለት ይቻላል።

በእንግሊዝና ሕጓን በወረሱ አገሮች «ሌላው ሰው ቸልተኛ ነበር፣ እኔም ተጎዳሁ» ማለት ብቻውን ካሳ አያስገኝም። ከሳሹ አራት ነገሮችን በተራ ማስረዳት አለበት፦ ተከሳሹ ለእርሱ የመጠንቀቅ ግዴታ እንደነበረበት፣ ይህን ግዴታ እንደጣሰ፣ ጥሰቱ ጉዳቱን እንዳመጣ፣ በመጨረሻም ጉዳቱ ከጥፋቱ እጅግ የራቀ እንዳልሆነ። አንዱ ከጎደለ ክሱ ይወድቃል።

የመጀመሪያው፣ ማለትም ግዴታው፣ ዛሬ በሚታወቅበት መልክ የተቀረጸው በ1932 ነው። በስኮትላንድ ፔዝሊ ከተማ አንዲት ሴት ጓደኛዋ የገዛችላትን የዝንጅብል መጠጥ ከጠጣች በኋላ፣ ከጥቁሩ ጠርሙስ ውስጥ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ ወጣ ብላ ከሰሰች። መጠጡን የገዛችው እርሷ ስላልሆነች ከባለሱቁም ሆነ ከፋብሪካው ጋር ውል አልነበራትም። ሎርድ አትኪን ግን አምራቹ ዕቃውን የሚጠጣውን ሰው ሊያስብ ይገባዋል አሉ። «ባልንጀራህን ውደድ» የሚለው ቃል በሕግ ሲተረጎም ባልንጀራህን አትጉዳ ማለት እንደሆነ፣ ባልንጀራ የሚባለውም በምትሠራው ሥራ ሊነካ እንደሚችል አስቀድመህ ልታስበው የሚገባህ ሰው እንደሆነ አስረዱ። በሲድኒው ጉዳይ ይህ ጥያቄ አላከራከረም። ወደብ ውስጥ ነዳጅ የሚቀዳ መርከብ አጠገቡ ላሉት ሰዎችና ንብረቶች መጠንቀቅ እንዳለበት ማንም አይክድም።

የሁለተኛው፣ የግዴታ ጥሰት፣ መለኪያው የተከሳሹ የልቡ ቅንነት አይደለም። በእርሱ ቦታ የቆመ ምክንያታዊ ሰው ምን ያደርግ ነበር ተብሎ ይጠየቃል። ይህ ሰው ሁሉን አደጋ አይከላከልም። በ1951 የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ባየው ጉዳይ፣ ከክሪኬት ሜዳ የወጣ ኳስ መንገድ ላይ የቆመችን ሴት መታ። ኳሱ በ30 ዓመት ውስጥ ከሜዳው የወጣው ስድስት ጊዜ ያህል ብቻ ስለነበረ ክለቡ አልተጠየቀም። ዳኞች የሚመዝኑት የአደጋውን ዕድል፣ ቢደርስ የሚያስከትለውን ክብደት፣ ለመከላከል የሚጠይቀውንም ወጪና ድካም ነው። የሲድኒ ሠራተኞች ቸልተኝነት ግን ግልጽ ነበር፤ ናፍጣ ቢያንስ የጎረቤትን መድረክ ማጨማለቁ አይቀርም።

ሦስተኛው ጥያቄ «ይህ ጥፋት ባይፈጸም ኖሮ ጉዳቱ ይደርስ ነበር?» የሚል ነው። ቀላል ይመስላል፤ ተጎጂን ባዶ እጁን የሚመልሰው ግን ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። በ1966 መባቻ ለንደን ውስጥ ሦስት የሌሊት ዘበኞች ሻይ ጠጥተው ማስታወክ ያዛቸውና ሆስፒታል ሄዱ። ተረኛው ሐኪም ሳያያቸው ወደ ቤታቸው ሄደው የየራሳቸውን ሐኪም እንዲጠሩ በስልክ አስነገራቸው። አንደኛው በዚያው ቀን በአርሰኒክ መርዝ ሞተ። ፍርድ ቤቱ ሆስፒታሉ ግዴታ እንዳለበትና እንደጣሰው አምኗል። ሆኖም ማስረጃው፣ ሰውየው ወዲያው ቢተኛና ቢመረመር እንኳ መርዙ ታውቆ ማርከሻው እስኪሰጠው ድረስ ጊዜው ያልፍ እንደነበር አሳየ። ስለዚህ የሞቱ ምክንያት መርዙ እንጂ የሐኪሙ ቸልታ አይደለም ተብሎ ባለቤቱ ክሷን ተሸነፈች። ይህን ፍርድ ባነበብኩ ቁጥር ይከብደኛል፤ ግን ካሳ ቅጣት አይደለም፤ የሚከፈለው ጥፋቱ ላመጣው ጉዳት ብቻ ነው። በሲድኒ ግን ናፍጣው ባይፈስ መድረኩ አይነድም ነበር። ሦስተኛው ጥያቄም በከሳሹ ወገን ተመለሰ።

አራተኛው ቀረ። እስከ 1961 ድረስ እንግሊዝ የምትከተለው በ1921 የተሰጠ ፍርድ ነበር። በዚያ ጉዳይ አንዲት መርከብ ጋን ውስጥ በቸልተኝነት የወደቀ ጣውላ የቤንዚን ትነት አቀጣጥሎ መርከቢቱን አጋያት። ፍርዱም ቸልተኛ ሰው ከጥፋቱ በቀጥታ ለመጣ ጉዳት ሁሉ፣ ያልታሰበ እንኳ ቢሆን፣ ይጠየቃል አለ። የሲድኒ ፍርድ ቤቶች ለሞርትስ ዶክ የፈረዱት ይህን ተከትለው ነው።

ፕሪቪ ካውንስል ይህን አልተቀበለም። ቫይካውንት ሳይመንድስ ባነበቡት ፍርድ፣ የአንድ ሰው ቸልተኝነት የሚለካው አስቀድሞ ሊያስበው በሚገባው ነገር ከሆነ፣ የሚከፍለውም ጉዳት በዚያው ልክ መሆን አለበት ተባለ። ጥያቄው የጉዳቱ ዓይነት ሊታሰብ ይችል ነበር ወይ ነው። ናፍጣ መድረክን ማጨማለቁ ይታሰባል። መንደዱስ? የመጀመሪያው ዳኛ ማስረጃውን ሰምቶ፣ ተከሳሾቹ ይህ ናፍጣ በውኃ ላይ ተንሳፎ ሊነድ እንደሚችል አያውቁም ነበር፣ እንዲያውቁም አይጠበቅም ነበር ብሎ ወስኗል። ስለዚህ ቃጠሎው ከጥፋቱ የራቀ ጉዳት ሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሊታሰብ የሚገባው የጉዳቱ ዓይነት ነው፤ መጠኑ አይደለም። በአንድ የእንግሊዝ ፋብሪካ የቀለጠ ብረት የአንድን ሠራተኛ ከንፈር አቃጠለ። ሠራተኛው ለነቀርሳ የተጋለጠ ስለነበር ቃጠሎው ነቀርሳን አስነሥቶ ከሦስት ዓመት በኋላ ገደለው። ከሲድኒው ፍርድ በኋላ በ1961 የተሰጠው ውሳኔ ቀጣሪው ለሞቱ ይጠየቃል አለ፤ የቀለጠ ብረት ሰውን ማቃጠሉ ይታሰባልና። ተጎጂው ደካማ ሆኖ ስለተገኘ አጥፊው አይድንም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክስ እንመለስ። የመርከቦቹ ባለቤቶች ያቀረቡት ማስረጃ ከመጀመሪያው የተለየ ነበር። ይህ ናፍጣ በውኃ ላይ ሆኖ በጭንቅ ቢሆንም ሊቀጣጠል እንደሚችል፣ የመርከብ ዋና መሐንዲስም ይህን ሊያውቅ እንደሚገባ አሳዩ። ዕድሉ አነስተኛ ነበር። እንደ ክሪኬቱ ኳስ ነው ብሎ ማለፍስ አይቻልም ነበር? ሎርድ ሪድ ባነበቡት ፍርድ እንዲህ አይታለፍም ተባለ። ክለቡ ሜዳውን ለመዝጋት ወይም አጥሩን እጅግ ከፍ ለማድረግ ይገደድ ነበር፤ መርከቧ ግን ፍሳሹን ማቆም ብቻ ነበረባት። ማቆሙ ወጪ የለውም፤ እንዲያውም ናፍጣው ባከነባት። ትንሽ አደጋን ያለ ምንም በቂ ምክንያት ችላ የሚል ምክንያታዊ ሰው የለም። ባለቤቶቹ ካሳ አገኙ።

ታዲያ ሞርትስ ዶክ ይህንኑ ማስረጃ በመጀመሪያው ክስ ለምን አላቀረበም? ለእኔ የዚህ ታሪክ ቁልፍ እዚህ ነው፤ ሎርድ ሪድም ነገሩን ጠቁመውታል። ብየዳውን የሠሩት የራሱ የሞርትስ ዶክ ሠራተኞች ነበሩ። «ናፍጣው ሊነድ እንደሚችል መታወቅ ነበረበት» ቢል ተከሳሹ «ታዲያ አንተ ለምን በየድህበት?» ብሎ ይመልስበታል። በዚያን ጊዜ በኒው ሳውዝ ዌልስ ሕግ ደግሞ ለጉዳቱ በጥቂቱም ቢሆን የራሱን ጥፋት ያዋጣ ከሳሽ ምንም አያገኝም ነበር። ስለዚህ ኩባንያው ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር ብሎ መከራከሩ ግድ ሆነበት። በዚያ ክርክር ከራሱ ጥፋት ዳነ፤ በዚያው ክርክር በአራተኛው ጥያቄ ወደቀ። የመርከቦቹ ባለቤቶች ግን ብየዳው ላይ እጃቸው ስለሌለ እውነቱን ሙሉውን ለመናገር ነጻ ነበሩ።

የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ከሌላ ቤተሰብ ነው። በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ሁሉ ይክሳል ብሎ ይጀምራል፤ ለማን ግዴታ አለብህ የሚለውን የተለየ የመጀመሪያ በር አያቆምም። እንደ ተሽከርካሪ ላሉ ነገሮችም በአንቀጽ 2081 ባለቤቱን ያለ ጥፋት ይጠይቃል። የሞርትስ ዶክን ችግር የሚነካው ግን አንቀጽ 2098 ነው፦ ተጎጂው ራሱም ጥፋት ካለበት ካሳው ይቀነሳል እንጂ ፈጽሞ አይቀርም። እንግሊዝ ይህን ሥርዓት በ1945፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ደግሞ በ1965 በሕግ ተቀበሉ፤ ለሞርትስ ዶክ ፍርድ ከተሰጠ ከአራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።