ያላለቀ ጌም ለሞካሪዎች ሲላክ

ለበጎ ፈቃደኛ ሞካሪዎች የሚላክ ኢሜይል ሁለት ሥራ አለበት፤ ያላለቀውን ጌም ስልካቸው ላይ እንዲጭኑ መርዳት፣ ከተጫወቱ በኋላ ደግሞ ምን ብለው ቢጽፉ ለሠሪው እንደሚጠቅም መንገር። የመጀመሪያው ካልተሳካ ሁለተኛው አይደረስበትም። መጫን ያቃተው ሞካሪ ብዙ ጊዜ እርዳታ አይጠይቅም፤ ዝም ብሎ ይተወዋል። ሠሪው ደግሞ ዝምታውን ጌሙ እንዳልተወደደ አድርጎ ይወስደዋል።

ለአብነት ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ ወንዝ የሚሻገሩበት፣ በአንድሮይድ ስልክ የሚሠራ አንድ ትንሽ ጌም ይወሰድ። ገና ፕሌይ ስቶር ላይ ስላልወጣ ለሞካሪዎች የሚደርሰው ስሙ በ .apk የሚያልቅ ፋይል ሆኖ ነው። ፋይሉን ከኢሜይሉ ጋር አያይዞ መላክ አያዛልቅም፤ ጂሜይል ይህን ዓይነት ፋይል ያግዳል። ስለዚህ ጉግል ድራይቭ ላይ ተቀምጦ ሊንኩ ይላካል፣ ካልሆነም በቴሌግራም ይደርሳል። የፋይሉ መጠን ከሊንኩ አጠገብ ቢጻፍ መልካም ነው፤ በሞባይል ዳታ የሚያወርድ ሰው ዋይፋይ እስኪያገኝ መጠበቅ ይመርጥ ይሆናል።

አብዛኛው ሰው የሚቆመው ፋይሉን ከፍቶ ስልኩ ሲከለክለው ነው። ከአንድሮይድ 8 ጀምሮ ፈቃዱ የሚሰጠው ለስልኩ በሙሉ ሳይሆን ፋይሉ ለተከፈተበት መተግበሪያ ብቻ ነው። በክሮም ያወረደ ለክሮም፣ በቴሌግራም የተቀበለ ለቴሌግራም ይፈቅዳል። «ሴቲንግ ገብተው ይፍቀዱ» የሚል መመሪያ ብቻውን የማይበቃውም ለዚህ ነው። ማስጠንቀቂያው ሲመጣ Settings ተነክቶ Allow from this source የሚለው መብራት እንዳለበት፣ ጌሙ ከተጫነ በኋላም መልሶ ማጥፋት እንደሚሻል ኢሜይሉ በግልጽ ቢናገር ይመረጣል። የጉግል ጥበቃ ፋይሉን አላውቀውም ብሎ ሌላ ማስጠንቀቂያ ሊያሳይም ይችላል። ይህ አስቀድሞ ከተነገረ ሞካሪው አይደነግጥም። ማስጠንቀቂያው ያለ ምክንያት የተቀመጠ ስላልሆነ ግን ኢሜይሉ ሞካሪው ከሚያውቀው አድራሻ መምጣት አለበት።

App not installed የሚል መልእክት ብዙ መነሻ አለው። ቦታ ሞልቶ ሊሆን ይችላል፤ ቀድሞ የተጫነው ቅጂ በሌላ የፊርማ ቁልፍ የተዘጋጀ ከሆነም አንድሮይድ አዲሱን በላዩ አይጭንም። በዚህ ጊዜ አሮጌውን አጥፍቶ እንደገና መጫን ያስፈልጋል፤ ሞካሪው የደረሰበት ደረጃም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ይህን አስቀድሞ አለመናገር ሞካሪን የሚያሳጣ ግድየለሽነት ነው።

ወደ አስተያየቱ ስንመጣ፣ ኢሜይሉ ዝም ሊልበት የሚገባ ነገር አለ፤ ጌሙ እንዴት እንደሚጫወቱት አያስረዳም። አንድ ሰው ጌሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው አንዴ ብቻ ነው፤ በኢሜይል የተማረውን ነገር ጌሙ ራሱ ያስተምረው እንደሆነ ከዚያ ወዲያ በእርሱ ማወቅ አይቻልም። ሠሪው የትኛው ቦታ እንደሚያሳስበውም አይጽፍም፤ ከጻፈ ሁሉም እዚያው ላይ ያፈጥጣል። ጥያቄዎቹ ከታች «ከተጫወቱ በኋላ ያንብቡ» ተብለው ይለያሉ። ሦስት ይበቃሉ፤ ምን ማድረግ እንዳለብዎ ግራ የገባዎ የት ነው? ያልጠበቁት ምን ሆነ? መጫወት ያቆሙት የት ላይ ነው፣ ለምን?

የእነዚህ ጥያቄዎች ጥቅም በሁለት መልሶች ልዩነት ይታያል። አንዱ ሞካሪ «ደረጃ 3 ይከብዳል፣ ተጨማሪ ሕይወት ይሰጠን» ይላል። ሌላዋ «ደረጃ 3 ላይ አራተኛው ድንጋይ ላይ እየቆምኩ አምስት ጊዜ ሰመጥኩ፤ ከሌሎቹ ጋር አንድ ስለሚመስል ይሰምጣል ብዬ አላሰብኩም» ትላለች። የመጀመሪያው መፍትሔ እንጂ የሆነውን አልተናገረም። ሠሪው ሰምቶት ሕይወት ቢጨምር ሰዎች እዚያው ድንጋይ ላይ ደጋግመው ይሰምጣሉ። ሁለተኛዋ ግን ጉድለቱን ራሱን አሳይታለች፤ ሰማጩ ድንጋይ የሚለይበት ምልክት የለውም። ስንጥቅ ቢሣልበት ወይም ከመስመጡ በፊት ትንሽ ቢንቀጠቀጥ የደረጃው ክብደት ሳይነካ ነገሩ ይስተካከላል። ስለዚህ ኢሜይሉ ከምክር ይልቅ ያዩትንና በዚያች ቅጽበት ያሰቡትን ይጠይቃል፤ የምክሩን ጉዳይ ሠሪው ይጨነቅበታል።

ጌሙ በድንገት ከተዘጋ ወይም ከደረቀ የሚፈለገው ሌላ ነው፦ የስልኩ ሞዴል፣ የአንድሮይዱ ቁጥር፣ በጌሙ ማውጫ ጥግ ላይ የተጻፈው የቅጂ ቁጥር (ለምሳሌ 0.3.1)፣ ከመዘጋቱ በፊት የተነካው ነገርና ሲደገም እንደገና ይከሰት እንደሆነ። የቅጂው ቁጥር ከሌለ ሠሪው ትናንት ያስተካከለውን ስህተት ዛሬ ሲፈልግ ሊውል ይችላል። በዚያው ምክንያት የታወቁ ጉድለቶች፣ እንደ ድምፅ አለመግባት ያሉት፣ በኢሜይሉ ውስጥ በአጭሩ ይጠቀሳሉ፤ አለዚያ ሃያ ሰው ድምፅ የለም ብሎ ይጽፋል፣ ስለ ድንጋዩ ግን ማንም ሳያነሳ ይቀራል።