መብራት ሲመጣ የሚጠፋው ኢንተርኔት

ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ ተመለሰ እንበል። አዲስ አበባ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ቢሮ ራውተሩ ተነሣ፤ የሠራተኞቹም ስልኮች ኢንተርኔት አገኙ። መብራት በሌለበት ሰዓት በባትሪ ሲሠራ የቆየው የሒሳብ ሠራተኛዋ ላፕቶፕ ግን ከዋይፋዩ ጋር መገናኘቱን ቢያሳይም አንድ ገጽ እንኳ በወጉ አይከፍትም። አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይቆማል።

ነገሩን ለመረዳት የኮምፒውተር አድራሻ የኪራይ መሆኑን ማወቅ ይበቃል። ላፕቶፕ ወይም ስልክ ወደ ዋይፋይ ሲገባ ራውተሩን አድራሻ ይጠይቃል፤ ራውተሩም ከያዛቸው ቁጥሮች አንዱን ለተወሰነ ጊዜ ያከራየዋል። ደንቡ ዲኤችሲፒ ይባላል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 ወጥቶ በ1997 ተሻሽሏል። ኪራዩ 24 ሰዓት ከሆነ ተከራዩ እስከ መጨረሻው አይጠብቅም፤ 12 ሰዓት ሲሞላ ራሱ ያሳድሳል። ባለቤቱ ይህን ሁሉ አያይም።

ችግሩ የሚመጣው የኪራይ መዝገቡ ሲጠፋ ነው። አንዳንድ ራውተሮች መዝገቡን የሚይዙት መብራት ሲቋረጥ በሚጠፋ ማስታወሻ ላይ ነው። መብራት ሲመለስ ራውተሩ ማን የትኛውን ቁጥር እንደያዘ አያውቅም፤ ላፕቶፑ ግን ኪራዩ ገና ስላላለቀ የድሮ ቁጥሩን ይዞ ይቀጥላል። ራውተሩ ያንኑ ቁጥር ለአንድ ስልክ ከሰጠው ሁለት ተከራዮች በአንድ ክፍል ይገናኛሉ።

የሒሳብ ሠራተኛዋ ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕትን ከፍታ ይህን ጻፈች፦

```
ipconfig /all
```

በ`IPv4 Address` መስመር ላይ 192.168.1.105 አገኘች። የባልደረባዋ ስልክ የዋይፋይ ማስተካከያም ያንኑ ቁጥር ያሳያል። ግጭቱ ተገኘ። መፍትሔው አሮጌውን ኪራይ መልሶ አዲስ መጠየቅ ነው፦

```
ipconfig /release
ipconfig /renew
```

የመጀመሪያው ትእዛዝ ለራውተሩ «ቁጥሩን ለቅቄያለሁ» የሚል መልእክት ይልካል፤ ወዲያው ግንኙነቱ ይቋረጣል። ሁለተኛው እንደ አዲስ ተከራይ ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜ በሰከንዶች ውስጥ መልስ ይመጣል። በዚህ ምክንያት ሌላ ቦታ ያለን ኮምፒውተር ከርቀት እየተቆጣጠረ ያለ ሰው የመጀመሪያውን ትእዛዝ መስጠት የለበትም። ግንኙነቱ ስለሚቋረጥበት ሁለተኛውን የሚጽፍበት ዕድል ላያገኝ ይችላል።

ቁጥሩ 169.254 ብሎ የሚጀምር ከሆነ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ኮምፒውተሩ አድራሻ ጠይቆ መልስ ስላጣ ለራሱ ቁጥር አወጣ ማለት ነው፤ በዚህ ቁጥር ኢንተርኔት አይገኝም። `/renew` ተሰጥቶም የዲኤችሲፒ አገልጋዩን ማግኘት አልተቻለም የሚል መልእክት ከመጣ ሌላ ስልክ በዚያው ዋይፋይ መሞከር ያስፈልጋል። እሱም አድራሻ ካጣ ጥፋቱ የራውተሩ ነው፤ ምናልባት የሚያከራየው ቁጥር አልቆበታል። በእንግዳ በተጨናነቀ ካፌ ይህ ያጋጥማል። ያኔ ላፕቶፑ ላይ የሚጻፍ ትእዛዝ ምንም አይፈይድም።

ስልኩ አድራሻ አግኝቶ ላፕቶፑ ብቻ ካጣ ጥርጣሬው ወደ ላፕቶፑ ይዞራል። ቪፒኤንና ጸረ ቫይረስ ፕሮግራሞች ኮምፒውተሩ ከኔትወርክ ጋር በሚነጋገርበት መንገድ መሐል የራሳቸውን ቁራጭ ያስገባሉ፤ በትክክል ሳይወገዱ ሲቀሩ ቁራጩ መንገዱን ሊዘጋ ይችላል። ኮማንድ ፕሮምፕትን በ`Run as administrator` ከፍቶ እነዚህን መስጠት መንገዱን ወደ መጀመሪያ ሁኔታው ይመልሰዋል፦

```
netsh winsock reset
netsh int ip reset
```

የመጀመሪያው ፕሮግራሞች ወደ ኔትወርክ የሚወጡበትን ዝርዝር ያጸዳል፤ ሁለተኛው የአድራሻ ማስተካከያዎችን አዲስ ያደርጋል። ኮምፒውተሩ ካልጠፋና ካልተነሣ ለውጡ ሥራ ላይ አይውልም።

ይህ እርምጃ ዋጋ አለው። በእጅ የተጻፈ ቋሚ አድራሻ ይጠፋል፤ ቪፒኤኑም እንደገና መጫን ሊያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ `ipconfig /all` ያሳየውን ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ ይገባል። እዚያው ላይ `DHCP Enabled` ከሚለው ፊት `No` ከተጻፈ አድራሻው በእጅ የተሰጠ ስለሆነ መልቀቅና ማሳደስ የሚባል ነገር የለም፤ የቢሮውን የኔትወርክ ባለሙያ መጠየቅ ይሻላል።

የሒሳብ ሠራተኛዋ እስከዚያ አልደረሰችም። ላፕቶፑ 192.168.1.108ን ተከራየ፤ 105 ለስልኩ ቀረ፤ የባንኩም ገጽ ተከፈተላት።