የተመልካች እጅ ከድምፅ መቈጣጠሪያው እንዲያርፍ

ባለፈው ዓመት ከጓደኞቼ ጋር ስለ ባቲ የሰኞ ገበያ አጭር ፊልም ሠርተን ነበር። በውስጡም የተራኪ ንባብ፥ የአንድ ግመል ነጋዴ ቃለ ምልልስና ሙዚቃ ነበሩበት። ከሚሴ በቤታችን ባሳየሁት ጊዜ ግን አባቴ ሪሞቱን ከእጁ ማኖር አልቻለም። ነጋዴው ሲናገር ድምፁን ይጨምራል፤ ሙዚቃው ሲመጣ ደንግጦ ይቀንሳል። በመጨረሻም «ልጄ፥ ሰውዬው ምን አለ?» ሲል ጠየቀኝ። ዋናው ቁም ነገር ሳይሰማ ቀረ ማለት ነው።

ስሕተቱ የእኔ ነበር። ሦስቱንም ድምፆች ኦዳሲቲ በሚባለው ፕሮግራም Normalize በሚለው ትእዛዝ እኩል ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። ይህ ትእዛዝ ግን የሚለካው የድምፁን ከፍተኛ ጫፍ ብቻ ነው። ነጋዴው በንግግሩ መካከል አንድ ጊዜ በኀይል ስቆ ነበርና፥ ያ ሳቅ ጣራውን ስለ ነካ የቀረው ንግግር ዝቅ እንዳለ ቀረ። ጆሯችን ግን የሚፈርደው በአንድ ጫፍ ሳይሆን በቈየ ድምፅ ነው።

ለዚህ የሚሆነው መለኪያ LUFS ይባላል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ሲሆን፥ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ድምፁ ይበረታል። የአውሮፓ ብሮድካስት ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2010 ለቴሌቪዥን -23 LUFS እንዲሆን ወስኗል። የእኛን ብለካው ተራኪው -18፥ ነጋዴው -29 ሆኖ ተገኘ፤ ልዩነቱ 11 ዴሲቤል ነው።

እንግዲህ ሥራውን እንደገና ጀመርሁ። በመጀመሪያ ሳቁን ለብቻው መርጬ ዝቅ አደረግሁት፤ አለዚያ ሲጨመር ከጣራው አልፎ ይሰነጠቃል። ከዚያም Loudness Normalization በሚለው ትእዛዝ ነጋዴውን ወደ -18 አመጣሁት። ሙዚቃው የመጨረሻው ነው። ብቻውን በሚሰማበት ስፍራ ከንግግሩ እንዳይበልጥ፥ ከንግግር ሥር በሚሆንበት ጊዜ ግን 18 ዴሲቤል ያህል ዝቅ እንዲል አደረግሁ። ዝቅታውም ተራኪው አፉን ከመክፈቱ ጥቂት ቀድሞ በዝግታ መጀመር አለበት።

አንድ ነገር ግን ሊታረም አልቻለም። የነጋዴው ድምፅ 11 ዴሲቤል ሲጨመርለት የገበያው ጫጫታም አብሮት ተነሣ። መድኀኒቱ ማይክሮፎኑን በጊዜው ማስጠጋት ነበር፤ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ የተናጋሪው ድምፅ 6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል፥ የዙሪያው ጫጫታ ግን ባለበት ይቀራል።

ሥራው መሳካቱን ለማወቅ ፊልሙን በስልክ ድምፅ ማጉያ ዝቅ አድርጎ ማዳመጥ ይበቃል። አንድም ቃል ካመለጠ ሙዚቃው ገና በዝቷል። እኔም ይህን ከፈተንሁ በኋላ ለአባቴ ደግሜ አሳየሁት። ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ እስከ መጨረሻው አላነሣውም፤ የነጋዴውንም ነገር ሰምቶ ስለ ግመል ዋጋ ሲከራከረኝ አመሸ።