የ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት የንባብ መጻሕፍት አመራረጥ፦ የወይና ደጋ ውጊያ እንደ መመዘኛ

ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ በሚገኘው የወይና ደጋ ምድር በየካቲት 1535 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1543) የዐፄ ገላውዴዎስና የፖርቱጋሎች ሠራዊት ከኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት ጋር ተዋግቶ ኢማሙ ወደቀ። አሥራ አራት ዓመት ያህል የዘለቀውን ጦርነት የሚያስተምር ሁሉ ስለዚህ ውጊያ የሚያስነብበው መጽሐፍ ያስፈልገዋል። ይህ ጽሑፍ ጦርነቱን ከአንድ ወገን ብቻ የማይተርክ መጽሐፍ በምን እንደሚለይ በዚሁ ውጊያ አማካይነት ያስረዳል።

በቅድሚያ የየወገኑ ምንጭ የሚሸፍነውን ዘመን ማወቅ ይገባል። ከኢማሙ ወገን የተጻፈው ዋና ምንጭ ዐረብ ፈቂህ በሚል ስም የሚታወቀው ሺሃብ አድ-ዲን አሕመድ በዐረብኛ የጻፈው «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» ነው። ትረካው ከአዳል የውስጥ ሽኩቻ ይነሣና ዘመቻዎቹን በዝርዝር ይከተላል፤ በመጨረሻዎቹ ክፍሎቹም ወደ ጣና ደሴቶች የተደረገውን ዘመቻ ያነሣል። እስካሁን የታወቀው ግን የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ስለሆነ እ.ኤ.አ. በ1530ዎቹ ውስጥ ይቋረጣል። ስለዚህ ወይና ደጋ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የለም። የውጊያው ዋና ዋና ምስክሮች በግእዝ የተጻፈው የዐፄ ገላውዴዎስ ዜና መዋዕልና በስፍራው የነበሩት ፖርቱጋሎች፣ በተለይም ሚጌል ደ ካስታንዮሶና ዦዋው ቤርሙዴስ ናቸው። ሁሉም ከአሸናፊው ወገን ናቸው።

ከዚህ የሚከተለው መመዘኛ ቀላል ነው። አንድ መጽሐፍ የጦርነቱን የመጀመሪያ ዓመታት ከፉቱሕና ከግእዝ ምንጮች አመሳክሮ ሲተርክ ቆይቶ፣ ወይና ደጋ ሲደርስ ምንጮቹ የአንድ ወገን ብቻ መሆናቸውን ሳይናገር በዚያው እርግጠኛ ድምፅ ከቀጠለ፣ አንባቢው የሁለት ወገን ታሪክ ያነበበ እየመሰለው የአንድ ወገን ድምዳሜ ይቀበላል። በአንጻሩ «ከዚህ በኋላ የሽንፈቱን ታሪክ ከተሸናፊዎቹ አንደበት አናገኘውም» ብሎ የሚያስታውቅ ደራሲ የምንጩን ወሰን ለአንባቢው ያሳየዋል። ይህን ለማረጋገጥ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አያስፈልግም፤ ስለ ውጊያው የሚናገሩትን ጥቂት ገጾች ከነግርጌ ማስታወሻቸው ማየት ይበቃል።

የኢማሙ አሟሟት ጉዳዩን በተግባር ያሳያል። ፖርቱጋሎቹ ኢማሙን የጣለው ከእነርሱ ወገን የሆነ ነፍጠኛ ነው ይላሉ፤ ስሙን ሲጠሩ ግን ካስታንዮሶና ቤርሙዴስ አይስማሙም። የግእዙ ዜና መዋዕል ደግሞ የድሉን ክብር የሚያውለው በንጉሡ ላይ ነው። ከእነዚህ አንዱን ብቻ መርጦ ገዳዩን በስም የሚጠራና ልዩነቱን የማይጠቅስ መጽሐፍ፣ ሌሎች አከራካሪ ቦታዎችንም እንዲሁ ሳይመዝን ያለፈ መሆኑ ያጠራጥራል። የምርጫ ስሕተት የሚገለጠውም እዚህ ነው፤ በዝርዝሩ ላይ አምስት መጻሕፍት ቢሰፍሩና አምስቱም ይህን ውጊያ ከካስታንዮሶ ብቻ ቢወስዱ፣ የመጽሐፉ ቁጥር ይበዛል እንጂ የምስክሩ ቁጥር አይጨምርም።

ሁለተኛው መመዘኛ የወገኖቹን ውስጥ ይመለከታል። ጦርነቱን ክርስቲያንና ሙስሊም በሚባሉ ሁለት አንድ ወጥ ጎራዎች ብቻ የሚከፍል መጽሐፍ ከራሱ ምንጮች ጋር ይጋጫል። ፉቱሕ ራሱ ኢማሙ ከአዳል ሱልጣን ጋር የነበረውን ጠብ፣ እምነታቸውን ለውጠው ወደ እርሱ የገቡ ክርስቲያኖችንም ይተርካል። እ.ኤ.አ. በ1593 ገደማ ስለ ኦሮሞ የጻፉት አባ ባሕርይ ደግሞ የክርስቲያኑን መንግሥት ድክመት ከውስጥ ሲመረምሩ፣ ሕዝቡን በአሥር ክፍል ከፍለው የሚዋጋው አንዱ ብቻ መሆኑን ያመለክታሉ። የአባ ባሕርይ ጽሑፍ ግን ኦሮሞን የሚያየው ከውጭ ነው። ስለዚህ መሐመድ ሐሰን የኦሮሞን ታሪክ አስመልክተው ከጻፏቸው መጻሕፍት አንዱን አጠገቡ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ እርሳቸው ይህንኑ ምንጭ እየተጠቀሙ መነሻ ሐሳቡን ይሞግታሉ።

ስለዚህ ለአንድ ሴሚስተር ሴሚናር በቂ የሚሆን አጭር ዝርዝር እንዲህ ሊዋቀር ይችላል፦ ፉቱሕ በትርጉም፣ የገላውዴዎስ ዜና መዋዕል፣ ካስታንዮሶ፣ አባ ባሕርይና አንድ የመሐመድ ሐሰን መጽሐፍ። የተክለ ጻድቅ መኩሪያ «የግራኝ አሕመድ ወረራ» በዚህ ዝርዝር ቢገባ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም «ግራኝ» እና «ወረራ» የሚሉት ቃላት ራሳቸው ከአንድ ወገን ዕይታ የመነጩ ስለሆኑ፣ ተማሪው በፉቱሕ ውስጥ «ኢማም» እና «ፉቱሕ» (ድል አድራጊ ዘመቻዎች) የሚሉት ስያሜዎች ካሉበት ገጽ ጋር አቀራርቦ እንዲያነባቸው ይገባል።

ይህ አመራረጥ ግን ወሰን አለው። ጦርነቱ ሲያልፍባቸው የነበሩ ገበሬዎች፣ የተማረኩ ሴቶች፣ የተሸጡ ባሮች ከየትኛውም ወገን ጽሑፍ አላስቀሩም። ስለእነርሱ የምናውቀው ሠራዊቱን የሚያወድሱ ጸሐፊዎች በመንገዳቸው ላይ የጠቀሱትን ብቻ ነው። ተማሪው የመጻሕፍቱን ልዩነት መለየት እንደ ጀመረ፣ ሁሉም በአንድነት ዝም ያሉበትን ቦታም ማስተዋል ይኖርበታል።