ከካዝናው ርክክብ እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት

ትናንት ከመስኮቱ ጀርባ ብር ትቆጥር የነበረች ሠራተኛ ዛሬ የ14 ሠራተኞች አለቃ ሆነች እንበል። በባንክ ቅርንጫፎች እንዲህ ያለ ሹመት የተለመደ ነው። አዲሷ ሥራ አስኪያጅ የመስኮቱን ሥራ አሳምራ ታውቃለች፤ ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ወረፋ ሲበዛ ወደምታውቀው ወንበር መመለስ ያምራታል።

የመጀመሪያው ሳምንት የርክክብ ነው። ጥሬ ገንዘቡ ተቆጥሮ ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል። ካዝናውን አንድ ሰው ብቻውን መክፈት እንደማይችል ይረጋገጣል። ያልተዘጉ ሂሳቦችና መልስ ያላገኙ አቤቱታዎችም በጽሑፍ ይያዛሉ። በርክክቡ ሳይጻፍ የታለፈ ጉድለት ኋላ የማን እንደሆነ ማስረዳት ከባድ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ሁሉንም ሠራተኞች ለየብቻ ታነጋግራለች። ለእያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት፣ በቀን ሦስት ሰው ብትይዝ በአምስት ቀን ታዳርሳለች። ጥያቄዎቿ ለሁሉም አንድ ናቸው፦ «ሥራዎን የሚያዘገየው ምንድን ነው? ምኑ እንዳይቀየር ይፈልጋሉ? ከእኔ ምን ይጠብቃሉ?» መልሱን ትጽፋለች እንጂ ቃል አትገባም። ገና ያላየችውን ነገር «አስተካክላለሁ» ካለች በሁለተኛው ወር ዕዳ ይሆንባታል።

ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት የመማሪያ ናቸው። ሰዓት ይዛ የ20 ደንበኞችን ቆይታ ከመግቢያ እስከ መውጫ ትከታተላለች። አማካዩ 35 ደቂቃ ሆነ እንበል። ጠጋ ብላ ስታይ ግን ቆጣሪዎቹ ዘገምተኞች አይደሉም። ከፍ ያለ ገንዘብ የሚወጣበት መስኮት የሥራ አስኪያጇን ማጽደቂያ እየጠበቀ ይቆማል፤ ከኋላ ያለው ሰልፍም አብሮ ይቆማል። ወረፋውን የያዘችው ራሷ ናት።

ይህን በአንድ ገጽ ጽፋ በወሩ መጨረሻ ለዲስትሪክት አለቃዋ ታቀርባለች። «አገልግሎት እናሻሽላለን» ግብ አይባልም። «በ12ኛው ሳምንት ቆይታው ከ35 ወደ 25 ደቂቃ ይወርዳል» ግን ሊለካ ይችላል። የተቀማጭ ገንዘብ ዕቅድ ከላይ የሚወርድ ስለሆነ፣ ሁለቱ ሲጋጩ የትኛው እንደሚቀድም በዚሁ ስብሰባ መጠየቅ አለባት።

ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት የማጽደቅ ሥልጣኑን ታካፍላለች። የባንኩ መመሪያ እስከሚፈቅደው የገንዘብ መጠን ድረስ ለምክትሏ በጽሑፍ ውክልና ይሰጣል፤ ምክትሏም በራሱ መግቢያ ያጸድቃል። የራስን የይለፍ ቃል ለሌላ መስጠት ሥራውን የሚያፋጥን ቢመስልም፣ ገንዘብ ሲጎድል ማን እንዳጸደቀ መለየት ያስቸግራል። ሰኞ ጠዋት በር ሳይከፈት የ15 ደቂቃ ስብሰባ ይደረጋል፤ ያለፈው ሳምንት የት እንደተጓተተ ብቻ ይነገርበታል።

በመጨረሻዎቹ አራት ሳምንታት ልኬቱ ይደገማል። የመጀመሪያው በወር አጋማሽ ከሆነ ሁለተኛውም በወር አጋማሽ ይሁን፤ የደመወዝ ሰሞን ወረፋ ንጽጽሩን ያዛባል። ከዚያ አንድ ሙሉ ቀን ከቅርንጫፉ ውጭ ደንበኞችን ስትጎበኝ ትውላለች። በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ ፊርማዋን ሲጠብቁ ያደሩትን ወረቀቶች ትቆጥራለች።